ብሌን ወይስ ወለተ ሚካኤል? የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የትኛው ስም ይግባ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፤ ከሐዋሳ ነው የምጽፍልዎ። ልጄ ብሌን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው። የተሰጠን ካርድ ላይ ግን «ወለተ ሚካኤል ገብረ ማርያም» ብቻ ነው የሚለው። ገብረ ማርያም የባለቤቴ የክርስትና ስም ነው፤ መታወቂያው ላይ ዳዊት ነው። አሁን የልደት ምስክር ወረቀት ልናወጣላት ነው። አማቴ «በክርስትና ስሟ ካልተመዘገበች ክርስትናዋን መካድ ነው» አሉኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ብሌን ይሁን ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ብሌን ብለሽ አስመዝግቢያት። ብሌን ዳዊት፣ ቀጥሎ የአያቷ ስም። ወለተ ሚካኤል የሚለው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይቀመጥ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ካርዱ ነው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሪ። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ ልደት የሚመዘገበው በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ ለወላጆቹ ሰፋ ያለ ጊዜ ይተርፋቸዋል። ለሴት ልጅ ግን ከጥምቀቱ በኋላ የሚቀረው ዐሥር ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ድግሱና እንግዳው ሳያልቅ ያልፋል። ብዙ እናቶች «ክርስትናዋ ይለፍና አስመዘግባታለሁ» ብለው ይቆዩና በመጨረሻው ሳምንት ሲጣደፉ እጃቸው ላይ ያገኙትን የቤተ ክርስቲያን ካርድ ይዘው ቀበሌ ይሄዳሉ፤ ስሙ ከዚያ ይገለበጣል። ምዝገባው ክርስትናውን መጠበቅ የለበትም፤ ስም ካወጣችሁላት ከጥምቀቱ በፊትም ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ቀኑ ካለፈም ቀረ ማለት አይደለም፤ የዘገየ ምዝገባ ይባላል እንጂ ይመዘገባል።

አሁን ወደ አማትሽ ነገር ልምጣ። የተናገሩት ከፍቅር ነውና በክብር አስረጃቸው። የክርስትና ስም በዋናነት በእግዚአብሔር ፊት የምንጠራበት ስም ነው። ንስሐ አባትሽ በጸሎት ሲያስቡሽ የሚጠሩሽ በእሱ ነው። ተክሊል ሲደርስ፣ በመጨረሻም ፍትሐት ሲደረግ የሚጠራው እሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቀበሌ ጻፈውም አልጻፈውም ነው። ዳንኤልን አስቢ፤ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ብልጣሶር ተብሎ ተጠራ፣ ያውም በጣዖት ስም የወጣ ስም ነው። በዚያ ስም እየተጠራ የመንግሥት ሥራ ሠራ፤ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ሲጸልይ ግን ያው ዳንኤል ነበር። ብሌን ተብላ መመዝገቧ ከጥምቀቷ የሚቀንሰው ነገር የለም።

በተቃራኒው ደግሞ የክርስትና ስምን የመዝገብ ስም ማድረግ ክልክል ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የተጠሩበት ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው ነበር። ዛሬም ገብረማርያም፣ ወልደሚካኤል ተብለው የሚኖሩ ብዙ ወንድሞች አሉን። እንደዚያ ከፈለጋችሁ ግን ከመጀመሪያው ወስናችሁ አንድ አድርጉት፤ ቤትም፣ ክትባት ካርድም፣ ትምህርት ቤትም በዚያው ትጠራ። በወረቀት ላይም አያይዛችሁ አጽፉት፤ ተለያይቶ ከተጻፈ ባሕር ማዶ ያለ ጸሐፊ «ወለተ» የልጅቷ ስም፣ «ሚካኤል» የአባቷ ስም ይመስለዋል። የእናንተ ልጅ ግን ሁሉ ሰው ብሌን እያለ የሚጠራት ልጅ ናት፤ የክትባት ካርዷም ብሌን የሚል ይመስለኛል። እሷን ወለተሚካኤል ብለሽ ካስመዘገብሽ በኋላ ትምህርት ቤት ብሌን ብለሽ ብታስገቢያት፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ሁለት ልጅ ትሆንብሻለች። ያኔ ስም ላስተካክል ብትዪ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ይወስድሻል።

አሁን ወደ ክርስትና ካርዷ ልመለስ፤ ካርዱ ላይ የቤተሰብ ዝምድናዋ ጠፍቷል። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሰው የሚታወቀው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ሰንሰለት ነው። ካርዳችሁ ላይ የልጅቷም የአባቷም ስም የክርስትና ስም ስለሆነ፣ ከባለቤትሽ መታወቂያ ጋር የሚገናኝ አንድም ቃል የለውም። ነገ ሌላ ደብር ላይ ለጋብቻ የጥምቀት ማስረጃ ስትጠየቅ ይህን ካርድ ብታቀርብ «ይህቺ ወለተ ሚካኤል አንቺ ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለ?» ቢሏት መልስ የላትም። ደህና የተሞላ ካርድ ላይ የመዝገብ ስሟ ከነአባቷና ከነአያቷ፣ የእናቷ ስም፣ የክርስትና ስሟ፣ የተወለደችበትና የተጠመቀችበት ቀን፣ የክርስትና እናቷና ያጠመቋት ካህን ስም ይኖራል፤ ፊርማና ማኅተምም ጭምር። ሁለቱ ስሞች የሚገናኙት እዚያ ወረቀት ላይ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም መኖር አለባቸው።

እንዴት ይስተካከላል? እባክሽ በራስሽ እስክሪብቶ ከጎኑ «ብሌን» ብለሽ እንዳትጽፊበት፤ የተነካካ ካርድ ማንም አያምነውም። ክርስትና ወደተነሣችበት ደብር ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። የተጠመቀችበትን ቀን ንገሪያቸው፣ መዝገቡን ያያሉ። መዝገቡ ላይ ሙሉ ስሟ ካለ፣ ስህተቱ ካርዱ ሲሞላ የመጣ ነው፤ ከመዝገቡ አመሳክረው ሌላ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። መዝገቡም ላይ ወለተ ሚካኤል ብቻ ከሆነ ግን የሁለታችሁን መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀቷን ይዘሽ ሂጂ፣ የክርስትና እናቷም አብራሽ ብትሄድ መልካም ነው፤ ያኔ መዝገቡ ራሱ እንዲሟላ ጠይቂ፣ ካርዱ ከዚያ ይከተላል። ለዚህም ነው በቅድሚያ ቀበሌ ብሌን ብለሽ አስመዝግቢ ያልኩሽ። የባለቤትሽ ስም በሁለቱም ቦታ ዳዊት ይሁን። ገብረ ማርያም የሚለው በእሱ በራሱ የጥምቀት መዝገብ ላይ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአማትሽ ስጋት ትክክለኛው መልስ ስሙ እንዳይረሳ ማድረግ ነው። ለቅሶ ላይ ካህኑ «ስመ ክርስትናው ማን ነበር?» ሲሉ ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንዱ ወጣ ብሎ ገጠር ላለች አክስት ስልክ ይደውላል፣ አስከሬኑ መሐል ላይ ቆሞ ይጠበቃል። ሐዋሳ ላይ የሚኖረው ሰው ብዙው ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ክርስትና የተነሣበት ደብርም ሩቅ ስለሆነ ይህ በተደጋጋሚ የማየው ነገር ነው። ብሌን መናገር ስትጀምር የክርስትና ስሟን አስተምሪያት፤ አያቷ በዚያ እየጠሩ ቢባርኳት ደግሞ እንዴት ደስ ይላል። የአንቺንና የባለቤትሽን የክርስትና ስምም ልጆቻችሁ ይወቁት።

ስሙ የጠፋበት ሰው ካለም አይደንግጥ። ጥምቀት አንዲት ናት፤ ስም ስለተረሳ ድጋሚ አይጠመቅም። የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ይጠይቅ፣ መዝገብ ያስፈትሽ፤ ካልተገኘ ለንስሐ አባቱ ይንገር።