ሁለት ዳሽቦርድ፣ ሁለት ቁጥር፦ ለአለቃ ምን ብዬ ልጻፍ?

«የማርኬቲንጉ ዳሽቦርድ የሚያሳየው የወሩ ንቁ ተጠቃሚ ቁጥር ከፕሮዳክቱ ዳሽቦርድ በጣም ይበልጣል። ሥራ አስኪያጄ ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው “ትክክለኛው የቱ ነው? በአጭሩ ጻፍልኝ” አሉኝ። እኔም ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት አላውቅም። ከየት ልጀምር? ማስታወሻውስ ላይ ምን ልበል?»

መጻፉን ለጊዜው ያቆዩትና መጀመሪያ ዝርዝሩን ያውጡ። ሁለቱ ዳሽቦርዶች የሚያሳዩዎት ድምር ብቻ ነው። ድምር ደግሞ ስለ ልዩነቱ ምንም አይነግርዎትም። የሚያስፈልግዎት ከእያንዳንዱ ድምር ጀርባ ያለው የተጠቃሚዎች መለያ ቁጥር ዝርዝር ነው። ያለ እሱ የሚጻፍ ማስታወሻ «የሰዓት ልዩነት ይሆናል፣ ቦት ይሆናል» ከማለት አያልፍም። አለቃዎም ወዲያው «ስንቱ?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኔ አንድ ድርጅት ውስጥ ስሠራ የገጠመኝን ልንገርዎት። የማርኬቲንጉ ዳሽቦርድ 48,200 ይላል፤ የፕሮዳክቱ 36,900። ልዩነቱ 11,300 ነው።

በቅድሚያ ያየሁት የሚቆጥሩበትን ጊዜ ነበር። አንደኛው ከዛሬ ወደኋላ 30 ቀን ይቆጥራል፤ ሌላኛው ከወሩ 1 ቀን እስከ መጨረሻው ቀን። ሁለቱንም በአንድ ወር ላይ ሳስተካክላቸው 48,200 የነበረው 47,500 ሆነ። 700 ብቻ ቀነሰ። ዋናው ጉዳይ ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው።

ዋናው ጉዳይ «ተጠቃሚ» የሚለው ቃል ነው። የማርኬቲንጉ መሣሪያ ሰውን አያውቅም። የሚያውቀው ብራውዘሩን ወይም ስልኩን ነው። በብራውዘሩ ላይ ኩኪ ያስቀምጥና በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ኩኪ ሲያገኝ «ያው ነው» ይላል። ጠዋት በስልኩ፣ ከሰዓት በቢሮ ኮምፒውተር የሚገባ አንድ ሰው ለእሱ ሁለት ሰው ነው። ሳፋሪ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከ2019 ጀምሮ ሳፋሪ በጃቫስክሪፕት የሚቀመጥን ኩኪ ዕድሜ በ7 ቀን ገድቦታል። ስለዚህ በየ10 ቀኑ አንድ ጊዜ ብቅ የሚል ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ሰው መስሎ ይቆጠራል። የፕሮዳክቱ ዳሽቦርድ ግን ከሰርቨሩ መዝገብ ላይ አካውንቶችን ነው የሚቆጥረው።

በእኛ ጉዳይ ከ47,500 የመሣሪያ መለያዎች 6,500ዎቹ ወሩን ሙሉ በአካውንት ገብተው አያውቁም። የቀሩት 41,000 ደግሞ በ35,600 አካውንቶች ስር የተሰበሰቡ ናቸው። 5,400ው ድግግሞሽ ነበር ማለት ነው። 6,500ዎቹን ግን ስህተት ብለው እንዳይጽፏቸው አደራ። ገና ያልተመዘገቡ እንግዶች ሊሆኑ ይችላሉ። በሌላ ብራውዘር የመጡ የራሳችን ደንበኞችም ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ዳታ መለየት አይቻልም፤ ማስታወሻውም ይህንኑ በግልጽ ይበል።

አሁን 35,600 እና 36,900 ቀሩ። ልዩነቱ 1,300 ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተቀራርቧል» ብሎ ይተወዋል። እኔም ልተወው ነበር። ግን ትንሽ የሚመስል ልዩነት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ልዩነቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ተጣፍተው ሊቀመጡ ይችላሉ። ይህንን የሚያሳየው ሁለቱን ዝርዝሮች ማጋጠም ነው። `a` የማርኬቲንጉ፣ `b` የፕሮዳክቱ ይሁን። በሁለቱም ውስጥ እያንዳንዱ አካውንት አንድ ጊዜ ብቻ ይኑር፤ ባዶ መለያዎችም ይውጡ።

```sql
SELECT
  CASE WHEN b.user_id IS NULL THEN 'a_only'
       WHEN a.user_id IS NULL THEN 'b_only'
       ELSE 'both' END AS side,
  COUNT(*) AS users
FROM a
FULL OUTER JOIN b ON a.user_id = b.user_id
GROUP BY 1;
```

የምትጠቀሙት ማይኤስኪውኤል ከሆነ `FULL OUTER JOIN` የለውም፤ ሁለት `LEFT JOIN` አድርገው በ`UNION` ያገናኟቸው።

ውጤቱ እንዲህ ነበር፦ በሁለቱም ያሉ 34,800፣ በማርኬቲንጉ ብቻ ያሉ 800፣ በፕሮዳክቱ ብቻ ያሉ 2,100። ከ800ዎቹ 650ው የሠራተኞችና የሙከራ አካውንቶች ናቸው፤ የፕሮዳክቱ ዳሽቦርድ ቀድሞ አውጥቷቸዋል። 150ው በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓታት ላይ ብቻ የታዩ ናቸው፤ አንዱ ዳሽቦርድ በአካባቢው ሰዓት፣ ሌላው በዩቲሲ ስለሚቆጥር ነው። ሁሉም ቀድሞ የሚጠረጥረው የሰዓት ጉዳይ ከ11,300ው ውስጥ ድርሻው ይህችው ናት።

2,100ዎቹ ግን አስደነገጡኝ። ከእያንዳንዱ አካውንት ጀርባ ምን ዓይነት ድርጊት እንደተመዘገበ ሳይ 1,500ዎቹ ወሩን ሙሉ ያደረጉት ነገር የለም። ስልኩ ኪስ ውስጥ እያለ አፑ ራሱ ከሰርቨሩ ጋር እየተገናኘ የመግቢያ ፈቃዱን ያድሳል። ሰርቨሩም ያንን «ንቁ» ብሎ ይመዘግባል። የቀሩት 600 እውነተኛ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ማስታወቂያ የሚያግድ ፕሮግራም ስላላቸው የማርኬቲንጉ መሣሪያ አያያቸውም። ስለዚህ ሁላችንም ትክክለኛ ነው ብለን የምናምነው ቁጥርም የተጋነነ ነበር። 1,500ው ሲወጣ 35,400 ሆነ።

ማስታወሻው ላይ ኮዱንና የኩኪውን ታሪክ አያስገቡ። መልሱ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይምጣ። እኔ የጻፍኩት ይህን ይመስል ነበር፦

«ሁለቱ ዳሽቦርዶች የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር ነው፤ የማርኬቲንጉ መሣሪያዎችን፣ የፕሮዳክቱ አካውንቶችን። ለቦርድ ሪፖርት የፕሮዳክቱን እንድንጠቀም እመክራለሁ፤ ሆኖም ተጠቃሚው ሳይነካው አፑ በራሱ የሚያደርገው ግንኙነት መቆጠሩ መቆም አለበት። በዚህ መሠረት የወሩ ቁጥር 36,900 ሳይሆን 35,400 ነው። የማርኬቲንጉ ዳሽቦርድ ጉብኝት ከየት እንደመጣ ለማየት ይቀጥላል፤ ስሙ ግን “ንቁ መሣሪያዎች” ተብሎ ይቀየር።»

ከዚህ በታች ከ48,200 ተነስቶ 36,900 ላይ የሚያደርስ አጭር ሠንጠረዥ ያድርጉ። በየመስመሩ አንድ ምክንያትና አንድ ቁጥር፦ ሲቀነስ 700፣ ሲቀነስ 6,500፣ ሲቀነስ 5,400፣ ሲቀነስ 800፣ ሲደመር 2,100። ድምሩ እስከ መጨረሻዋ አንድ ሰው ድረስ መግጠም አለበት። ካልገጠመ ያላገኙት ምክንያት አለና ማስታወሻውን አይላኩት።

አለቃዎ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ካሉ ደግሞ ያለፉትን ስድስት ወራት ይመልከቱ። በየወሩ አንዱን ቁጥር ለሌላው ያካፍሉ። እኛ ጋ 48,200 ለ36,900 ሲካፈል 1.3 ገደማ ነው፤ በስድስቱም ወራት እዚያው አካባቢ ነበር። እንዲህ ከሆነ ልዩነቱ የአቆጣጠር ነው። በአንድ ወር ድንገት ከ1.3 ወደ 1.6 ከዘለለ ግን የተበላሸ ነገር አለ። ያን ሰሞን የወጣውን የአፕ ማሻሻያ ይፈትሹ፤ አፑ በተከፈተ ቁጥር አዲስ የመሣሪያ መለያ እየፈጠረ ሊሆን ይችላል።

ዝርዝሮቹን ያወጡበትን ቀን ማስታወሻው ላይ መጻፍ አይርሱ። ኢንተርኔት ያልነበረው ስልክ የያዘውን መረጃ ከቀናት በኋላ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ያለፈው ወር ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። ቀኑ ከሌለ ያን ጊዜ ሦስተኛ ቁጥር ይዘው ይጠይቁዎታል።