ለአንድ ጥፋት ሁለቴ መቅጣት፦ ስለ ድርሰት ማረሚያ ሩብሪክ የመምህራን ጥያቄዎች

«ሩብሪኬ ይዘት፣ አደረጃጀት፣ ትስስርና ቋንቋ የሚሉ መመዘኛዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 5 ነጥብ ነው። ተማሪዎቼ ለአንድ ጥፋት ሁለቴ ተቀጣን ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆን?» (መምህርት፣ ለገጣፎ)

ሳይሆን አይቀርም። ጥሩ ውጤት ያገኘ ድርሰት ይውሰዱና አንድ ጥፋት ብቻ ይጨምሩበት፤ ለምሳሌ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንቀጽ ያቀያይሩ። ከዚያ እንደ አዲስ ያርሙት። በአደረጃጀትም በትስስርም ነጥብ ከወረደ ሁለቱ የሚለኩት አንድ ነገር ነውና ያዋሕዷቸው። ጎበዝ ተማሪ በሁሉም መመዘኛ ከፍ ማለቱ ግን የመደራረብ ምልክት አይደለም።

ቋንቋና አደረጃጀት እንዳይገፋፉ ድንበር ያስምሩ። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ጥፋት፣ «ልጆቹ መጣ» እንደሚለው ያለ፣ የቋንቋ ነው። በዓረፍተ ነገሮች ወይም በአንቀጾች መካከል ያለው፣ ለምሳሌ «ስለዚህ» በሚገባበት «ነገር ግን» መጻፉ፣ የአደረጃጀት ነው። ይህንኑ ሩብሪኩ ላይ ያስፍሩት። የተዋሐደው መመዘኛ ስንት እንደሚይዝም ይወስኑ፤ ዝም ብለው 5 እና 5 ከደመሩ አደረጃጀት ከይዘት እጥፍ ይመዝናል።

«ለማስረጃ "እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ በቂ፣ ደካማ" ብዬ ደረጃ አውጥቻለሁ። ባልደረባዬ ልዩነታቸው አይታየኝም ይላል። ምን ልጻፍ?» (መምህር፣ ሰበታ)

ወረቀቱ ላይ በጣት የሚጠቆም ነገር ይጻፉ። የድርሰቱ ርዕስ «ለኮዬ ፈጬ ነዋሪ የሚቀድመው ተጨማሪ አውቶቡስ ነው ወይስ የቅርብ ገበያ?» ነው እንበል። ደረጃዎቹ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ፦

4፦ እያንዳንዱ ምክንያት ተጨባጭ ማስረጃ አለው፤ ማስረጃው ምክንያቱን እንዴት እንደሚደግፍም ተብራርቷል።
3፦ እያንዳንዱ ምክንያት ማስረጃ አለው፤ ቢያንስ በአንዱ ላይ ማብራሪያው ጎድሏል።
2፦ ማስረጃ ያለውም የሌለውም ምክንያት አለ።
1፦ ለየትኛውም ምክንያት ማስረጃ አልቀረበም።

«ትራንስፖርት ችግር ነው» ማለት ምክንያት እንጂ ማስረጃ አይደለም። «ጠዋት ሰልፉ ላይ አንድ ሰዓት ስለምንቆም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈናል» ግን ማስረጃም ማብራሪያም ይዟል። «3 ማስረጃ ካለ 4 ነጥብ» ብለው በቁጥር ብቻ አይሂዱ፤ ተማሪው ሦስት የማይረቡ ማስረጃዎች ደርድሮ ሙሉ ነጥብ ይወስዳል።

«በአንድ ወረቀት ላይ እኔ ለቋንቋ 4 ስሰጥ ባልደረባዬ 2 ሰጠች። ማናችን ተሳሳትን?» (መምህር፣ ሱሉልታ)

ምናልባት ማናችሁም። ሁለታችሁም ለነጥባችሁ ምክንያት የሆነውን ዓረፍተ ነገር አስምሩበትና አስተያዩ። ያሰመራችሁት አንዱኑ ከሆነ የደረጃው መግለጫ ደብዛዛ ነው። የተለያየ ከሆነ መግለጫው ሁለት ነገር አጭቋል፤ «ሰዋስዉ የተስተካከለና ቃላቱ የበለጸጉ» የሚል መግለጫ ሰዋስዉ ንጹሕ፣ ቃላቱ ግን ድሃ ለሆነ ልጅ ቦታ የለውም። ሁለቱን ለዩዋቸው ወይም አንዱን ተዉት። ይህን በአምስት ወይም በስድስት ወረቀት የምትሞክሩት የክፍሉን እርማት ሳትጀምሩ ነው፤ መሐል ላይ መግለጫ ከቀየራችሁ የታረሙትን ወረቀቶች ሁሉ በአዲሱ እንደገና ማረም ግድ ነው።