መልስ፦ «ቀደም ብዬ እንደገለጽኩት» ነገር ያለበት ይመስላል?

«ለባልደረባዬ ‹ቀደም ብዬ እንደገለጽኩት ሪፖርቱ ሰኞ መድረስ ነበረበት። ሥራ እንደሚበዛብህ ይገባኛል፤ ጊዜ ካገኘህ ብትልከው ደስ ይለኛል› ብዬ ጽፌያለሁ። ነገር ያለበት ይመስላል? እንዴት ላስተካክለው?»

አዎ፣ ይመስላል። ስብሰባውንና ቀኖቹን በራስህ ተክተህ እንዲህ ብለህ ላክለት፦

«ሰኞ ይጠበቅ የነበረው ሪፖርት እስካሁን አልደረሰኝም። ለሐሙሱ ስብሰባ ስለምፈልገው እስከ ረቡዕ ከሰዓት ልትልክልኝ ትችላለህ? ካልተቻለ መቼ እንደሚደርስ ንገረኝ።»

«ቀደም ብዬ እንደገለጽኩት» ውስጡ «አላነበብክም» የሚል ወቀሳ አለ። «መድረስ ነበረበት» ያለፈውን ይከሳል እንጂ አሁን የሚፈለገውን አይናገርም። ከሁሉ የሚከፋው «ጊዜ ካገኘህ» ነው፦ ብቻውን ትሕትና ነው፣ ከወቀሳ ቀጥሎ ሲመጣ ግን አሽሙር ሆኖ ይነበባል፤ ቃል በቃል ከወሰደው ደግሞ ቀኑን ክፍት ይተውለታል።

ለሌላ መልእክትም አንድ ሐረግ ስትጠራጠር ሰርዘውና ቀሪውን አንብብ። ምንም መረጃ ካልጎደለ፣ ሐረጉ የተሸከመው ቅሬታህን ብቻ ነበር።

አደራ፣ ለማለዘብ ብለህ «አንተ» የምትለውን ሰው ድንገት «እርስዎ» አትበለው። በእኩያሞች መካከል ይህ አክብሮት ሳይሆን መኮራረፍ ነው የሚመስለው፤ ቃላቱን ሁሉ ብታጠራም ቅሬታው በዚያ በኩል ይወጣል።