ጥያቄና መልስ፦ አዲስ ፈረቃ ሲወጣ

በዚህ ሳምንት የመጡት ጥያቄዎች በብዛት ከገላንና ከአቃቂ አካባቢ ፋብሪካዎች ናቸው። ሁሉም ስለ ፈረቃ ስለሆኑ አንድ ላይ አደረግኋቸው።

«ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በሦስት ፈረቃ ልንሠራ ነው። ማስታወቂያውን እኔ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። ምን ምን ይግባበት?» (የፈረቃ ኃላፊ፣ ገላን)

መጀመሪያ ሰዓቱን አጥራው። «ከ12 እስከ 8» ብለህ ከለጠፍክ ግማሹ ሰው ጠዋት፣ ግማሹ ማታ ይመጣልሃል። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት» በል። የከሰዓቱን ከ8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4፣ የሌሊቱን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ብለህ ጻፍ።

ትልቁ ጣጣ ግን ያለው የሌሊቱ ፈረቃ ላይ ነው። ሁለት ቀን ስለሚነካ «ማክሰኞ ሌሊት» የሚለውን አንዱ ሰኞ ማታ መግባት ነው ብሎ ይረዳዋል፣ ሌላው ማክሰኞ ማታ ይመጣል፣ አንተ ደግሞ ሰኞ ማታ ማሽኑ አጠገብ ሰው አጥተህ ስልክ ስትደውል ታመሻለህ። ስለዚህ ሙሉውን ጻፈው፦ «ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ገብቶ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት የሚወጣ»።

ከዚያ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ የዕረፍት ቀኑን፣ ፕሮግራሙ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን አስገባ። የሰርቪሱን መነሻ ሰዓትም አትርሳ። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ የሚመጣ ሰው ማታ 4 ሰዓት ሲወጣ በምን እንደሚሄድ ማወቅ አለበት።

«እኛ ጋ ሰዉ በቃል ይቀያየራል። ማን እንደሚመጣ የማውቀው በር ላይ ሳየው ነው። ይከልከል?» (ሱፐርቫይዘር፣ አቃቂ)

አይከልከል። ልጅ የሚታመምበት፣ ለቅሶ የሚደርስበት ሰው አለ፤ በሩን ዘግተህበት ደግሞ ዝም ብሎ ይቀራል። በወረቀት ይሁን እንጂ። ማስታወቂያው ላይ እንዲህ ጻፍ፦

«ፈረቃ መቀየር የሚፈልግ ሠራተኛ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ቅጹን ሞልቶ፣ ከሚተካው ሰው ጋር ፈርሞ፣ ለፈረቃ ኃላፊው ይሰጣል። መልሱ በማግስቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል። እስኪፈቀድ ድረስ የቀድሞው ፕሮግራም ይጸናል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። እሷ ከሌለች ጠያቂው «ቅጽ አስገብቻለሁ» ብሎ ይቀራል፣ ተተኪው «አልተፈቀደም» ብሎ ይቀራል። ድንገተኛ ሕመምና ለቅሶ ሲሆን 3 ቀን መጠበቅ ስለማይቻል ለማን እንደሚደወል ስልኩን እዚያው አስፍር።

ከመፍቀድህ በፊት ግን ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ቀን ተመልከት። አንዷ ሳምንቱን በከሰዓት፣ ሌላዋ በሌሊት ተመድበዋል እንበል። ሐሙስን ብቻ ይቀያየራሉ። ሲታይ ምንም የለውም። ነገር ግን የሌሊቷ ሠራተኛ ረቡዕ ማታ ገብታ ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ነው የምትወጣው። ያንኑ ቀን 8 ሰዓት ላይ ተመልሳ ልትገባ ነው። የከሰዓቷም ሐሙስ ሌሊቱን ሠርታ ዓርብ ጠዋት 12 ወጥታ 8 ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ሁለቱም በመሀል ያላቸው 8 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ላይ የመንገዱን ስትቀንስ እንቅልፉ አራት አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ማሽን ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ አደጋ ነው። እኔ ብሆን የሐሙሱን ብቻ አልፈቅድም፣ ቀጣዩን ሙሉ ሳምንት ይለዋወጡ እላለሁ።

ሌላው፣ አንዱ የሌላውን ቀን ከሠራለት ብድሩ በዚያው ሳምንት ይመለስ። በሳምንት 6 ቀን በ8 ሰዓት 48 ነው፣ የሕጉ መደበኛ ጣሪያም እሱ ነው። ወደሚቀጥለው ሳምንት ከተሻገረ አንዱ 56፣ ሌላው 40 ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ደመወዝ ሲደርስ «ኦቨርታይሜስ?» የሚል ክርክር ይነሳል። የዕረፍት ቀኑን የሰጠ ሰውም በዚያ ሳምንት ሳይቋረጥ 24 ሰዓት ማረፉን አረጋግጥ።

«የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አዲሱ ፕሮግራም ሌሊት አደረገኝ። የሚቀይረኝ ሰው ፈልጊ ተባልኩ፣ አላገኘሁም።» (ከገላን)

እህቴ፣ ተለዋጭ መፈለግ ያንቺ ሥራ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ኦቨርታይምም ክልክል ነው። የልውውጥ ቅጹን ተይው። አጭር ማመልከቻ ጻፊ፣ የጤና ጣቢያ ማስረጃሽን ኮፒ አያይዢ፣ ለሰው ኃይል አስገቢ። በአንዱ ኮፒ ላይ «ደርሶናል» አስብለሽ አስፈርሚና አንቺ ጋ ይቀመጥ። እምቢ ካሉሽ ያንን ኮፒ ይዘሽ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ሂጂ፣ ማኅበር ከሌለ በአካባቢሽ ወዳለው የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት።

«ማስታወቂያውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብቻ መልቀቅ ይበቃል?» (ለገጣፎ)

አይበቃም። ዳታ የሌለው አለ፣ ግሩፑን ሚዩት ያደረገ አለ። ሰሌዳው ላይ ለጥፈህ፣ ሠራተኛው ስሙ አጠገብ ይፈርም። ካስተካከልከው ደግሞ አሮጌውን ቅደደውና አዲሱ ላይ የወጣበትን ቀን ጻፍ፣ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አይሰቀል።