አራት ኖት፣ አንድ ምጥ፦ የማይስማሙ የመምህራን ማስታወሻዎችን ወደ አንድ ማጥኛ ማምጣት

«ባሕር ዳር የሚድዋይፈሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ምጥ ክትትል ብቻ የአራት መምህራን ኖት አለኝ። አክቲቭ ፌዝ አንዱ በ4 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል ይላል፣ ሁለተኛው በ5፣ ሦስተኛው በ6፣ አራተኛው ደግሞ እንደገና በ4። ለመውጫ ፈተና ወደ አንድ ላመጣው ስሞክር ይብስ ይምታታብኛል። ዘጌ ያለው አጎቴ ‹ቲቶሪያል ግቢ፣ እኔ እከፍላለሁ፤ ስታልፊም ባሕር ዳር የግል ክሊኒክ ተቀጠሪ፣ ገጠር አትውረጅ› ይለኛል። እንግሊዝኛዬም ጠንካራ አይደለም። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የተምታታብሽ ቁጥሩን ብቻ ነጥለሽ ስለያዝሽ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ዓመት፣ የራሱ ቅጽና የራሱ የጊዜ ወሰን አለው። አንዱን ከቤቱ አውጥተሽ ከሌላው ቤት ዕቃ ጋር ካደባለቅሽው የምትጽፊው ማጥኛ የትም ሆስፒታል የማይሠራበት ይሆናል።

4 ሴንቲ ሜትር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያሻሻለው ፓርቶግራፍ ነው። አብሮት የሚሄደው የማስጠንቀቂያ መስመር (አለርት ላይን) በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር እየወጣ ይሰመራል፤ የእርምጃው መስመር (አክሽን ላይን) ከእሱ 4 ሰዓት ወደ ቀኝ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የዚሁ ድርጅት የ2018 ምክር ነው፤ በ2020 የወጣው የምጥ መከታተያ ቅጽ፣ ሌበር ኬር ጋይድ፣ የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው። እዚያ ሰያፍ መስመር የለም። በየሴንቲ ሜትሩ የመቆያ ወሰን አለ፦ በ5 ላይ 6 ሰዓት፣ በ6 ላይ 5፣ በ7 ላይ 3፣ በ8 ላይ 2 ሰዓት ተኩል፣ በ9 ላይ 2። 6 ሴንቲ ሜትር ደግሞ የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 ያወጣው ነው። አብሮት የሚመጣው ምጥ ቆሟል የሚባልበት መለኪያ ነው፦ ከ6 በኋላ የእንሽርት ውሃ ፈስሶ፣ በቂ ምጥ እያለ 4 ሰዓት፣ ወይም በኦክሲቶሲን እየታገዘም ምጡ በቂ ሳይሆን ቢያንስ 6 ሰዓት፣ የማህፀን በር ለውጥ ካላሳየ።

ልዩነቱን በአንዲት እናት እዪው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስትገባ የማህፀን በሯ 4 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል። ከቀኑ 6 ሰዓት ስትመረመር 5 ሆኗል። በድሮው ፓርቶግራፍ በ4 ሰዓት ውስጥ 8 መድረስ ስለነበረባት የማስጠንቀቂያውን መስመር አልፋለች፤ የእርምጃው መስመር ላይ ግን ገና አልደረሰችም። በአዲሱ ቅጽ እስከ አሁን ላተንት ፌዝ ላይ ነበረች፤ አክቲቭ ፌዟ የሚቆጠረው ከ6 ሰዓት ጀምሮ ነው። ስለ መከፈቱ የሚያሳስበን እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ካልተንቀሳቀሰች ነው። የጽንሱ የልብ ምትና የእናትየው ሁኔታ በሁለቱም በየጊዜው ይታያል። 5ን ከአዲሱ ኖት ወስዶ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር የሚለውን ከድሮው ያስቀጠለ ተማሪ ግን ምጧ ደህና የሆነውን እናት ዘገየች ብሎ ኦክሲቶሲን ያስጀምራል። ከፈተናው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አራቱን ኖቶች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለሽ ሰይሚ፤ በየገጹ ጥግም ፊደሉን ጻፊ። ባለመስመር ደብተር አግድም አዙሪና ስድስት ዓምድ አስምሪ፦ መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዚያ አራቱ ኖቶች፣ መጨረሻ ላይ ውሳኔ። በመጀመሪያው ዓምድ ርእስ አትጻፊ፣ ጥያቄ ጻፊ። «አክቲቭ ፌዝ» ካልሽ አንድ ሙሉ ገጽ ትገለብጫለሽ፤ «አክቲቭ ፌዝ በስንት ሴንቲ ሜትር ይጀምራል?» ካልሽ በየሳጥኑ የሚገባው አንድ ቁጥር፣ የስላይዱ ተራና በስላይዱ ግርጌ የተጻፈው ምንጭና ዓመት ብቻ ነው። ለምጥ ክትትል ከሃያ እስከ ሠላሳ ጥያቄ ይበቃል።

ሳጥኖቹ ሲሞሉ አብዛኛው ረድፍ ተመሳሳይ ይሆናል፤ እሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዝጊው። የሚለያዩትን ብቻ በቀይ አክብቢ። «ሁለቱ 4 ስላሉ 4 ያሸንፋል» እንዳትይ። ኖት ሀ እና መ ያው ሥዕል፣ ያው የነጥቦች ቅደም ተከተል፣ ያው የፊደል ስህተት ካላቸው ከአንድ ድሮ ስላይድ የተገለበጡ ናቸው፤ የሚቆጠሩትም እንደ አንድ ምስክር ነው። አማካይ መውሰድም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ የ4፣ የ5 እና የ6 አማካይ 5 ስለሆነ ብቻ የሠራ ይመስላል፤ በመድኃኒት መጠን ላይ ስትሞክሪው ግን ታማሚ ይጎዳል።

በቀይ የተከበበውን እንዲህ መርምሪ። መጀመሪያ፣ ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት? ለኤክላምፕሲያ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት አንዱ ኖት ላይ 4 ግራም በደም ሥርና 10 ግራም በጡንቻ ይላል፣ ሌላው ላይ 4 ግራም በደም ሥርና ከዚያ በሰዓት 1 ግራም። ይህ ቅራኔ አይደለም፤ የመጀመሪያው ፕሪቻርድ፣ ሁለተኛው ዙስፓን የሚባል የአሰጣጥ ሥርዓት ነው። በማጥኛሽ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን በየስማቸው አስቀምጪ። ቀጥሎ፣ የማን መመሪያ ነው፣ የየት ዓመት? ይህም ካልፈታው መጽሐፉን ወይም መመሪያውን ራሱን ክፈቺ፤ የተየበው ሰው ቁጥር ስቶ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻው ዓምድ ያለው ውሳኔ ወደ ማጥኛሽ ሲገባ ጅራት ይኑረው፦ «አክቲቭ ፌዝ፦ ከ5 ሴ.ሜ. (የዓለም ጤና ድርጅት፣ 2018)። ጥያቄው ማስጠንቀቂያና እርምጃ መስመር ከጠቀሰ የድሮው ፓርቶግራፍ ነው፣ ከ4 ጀምር።» ፈተና ላይ የሚያድንሽ ይህ ጅራት ነው፤ የጥያቄው አቀራረብ በየትኛው ቅጽ እንደሚያስብ ይነግርሻል። ሁሉም ሲያልቅ ከሦስት እስከ አራት ገጽ ይወጣዋል። ከዚያ ከበዛ አልወሰንሽም፣ እየገለበጥሽ ነው።

እንግሊዝኛው ብዙ አያሳስብሽ፤ የሙያ ቃላቱን ፈተናው በሚጽፍበት እንግሊዝኛ ያዢ፣ ማብራሪያውን በአማርኛ ጻፊ።

የአጎትሽን ገንዘብ ለቲቶሪያል አትቀበዪ። እዚያ የሚሰጥሽ ሃንድአውት አምስተኛ ኖት ነው፣ ብዙ ጊዜም ዓመትና ምንጭ የለውም። መርዳት ከፈለገ የማተሚያና የኢንተርኔት ይሸፍንልሽ። ስለ ክሊኒኩ ደግሞ ተሳስቷል ብለሽ ንገሪው። ብዙ የግል ክሊኒኮች ወሊድ አያስተናግዱም፤ አዲስ አዋላጅ እዚያ ብትቀጠር መርፌ ስትወጋና ካርድ ስትጽፍ ትውላለች። በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ጤና ጣቢያ ብትመደቢ ምጥ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በእጅሽ ታያለሽ። ደመወዙ ትንሽ ቢያንስ እንኳ መጀመሪያ እሱን እመርጥልሻለሁ።

ሳይፈታ የቀረ ረድፍ ካለ ለመምህሩ «ግራ ገባኝ» ብለሽ አትሂጂ። ሠንጠረዡን ይዘሽ «የእርስዎ ስላይድ 14 ላይ 4 ይላል፣ የ2018ቱ ምክር 5 ይላል፤ የጤና ሚኒስቴር የቅርብ ፕሮቶኮል የትኛውን ይከተላል? ፈተናውስ?» ብለሽ ጠይቂ። እንዲህ ላለ ጥያቄ በኮሪደር ላይ ቆመውም ቢሆን ይመልሱልሻል። መልሱን ከቀኑ ጋር በውሳኔው ዓምድ ጻፊው።