መልስ፦ ለቅጥር ኃላፊ የሚላክ አጭር ማስታወሻ

«ጅማ ነኝ። በጣም የማደንቀው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ለጥራት ክፍል ሰው የሚቀጥሩትን ኃላፊ ሊንክድኢን ላይ አገኘኋቸው። ከግንኙነት ጥያቄው ጋር ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

እህቴ፣ በነፃ አካውንት ያለሽ ቦታ 200 ፊደል ብቻ ነው፤ ክፍተትና ነጥብም ይቆጠራል። ስለዚህ «ድርጅታችሁን በጣም አደንቃለሁ» በሚለው አታባክኚው፤ ለማንም ድርጅት ይሆናል። የምታደንቂውን ነገር ራሱን ጥሪው። እሳቸው ስለ ቡና አደራረቅ ጽፈው ከሆነ፣ እንዲህ በይ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለታጠበ ቡና አደራረቅ የጻፉትን አነበብኩ። እኔም ጅማ አካባቢ ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ሁለት ወቅት በማድረቂያ አልጋ ላይ ያለ ቡና እርጥበት ለክቻለሁ። ሥራዎን መከታተል ብችል ደስ ይለኛል።»

ይህ ከ200 በታች ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማንበብሽን ያሳያል፣ ሦስተኛው ደግሞ እጅሽ ሥራውን እንደሚያውቅ። በእርግጥ የሠራሽውን ብቻ ጻፊ፤ የጥራት ሰው በአንድ ጥያቄ ያውቅሻል።

ሥራ ስጡኝ፣ ሲቪ ልላክ የሚለውን እዚህ አታስገቢ። የማያውቁሽ ሰው መጀመሪያ የሚወስኑት መቀበል አለመቀበልን ነው። ሲቀበሉሽ በመልእክት ሳጥን ሰፋ አድርገሽ ስለ ክፍት ቦታው ትጠይቂያለሽ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ስልክ ላይ Connect የሚለውን ስትነኪ ብዙ ጊዜ ማስታወሻ ሳይጠይቅ ይልከዋል። መጀመሪያ ሦስቱን ነጥቦች ከፍተሽ ማስታወሻ የሚያስገባውን ምርጫ ፈልጊ። በስህተት ከሄደ ለመሰረዝ አትቸኩይ፤ ከሰረዝሽው ለእኚያው ሰው እንደገና ለመላክ እስከ 3 ሳምንት መጠበቅ ይኖርብሻል።