የሚያፈስ ኮርኒስና ለአከራይ የሚጻፍ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ኮርኒሱ በየክረምቱ ያፈስሳል። አከራዬ ጣሪያውን በየዓመቱ ሬንጅ ያስቀባሉ፤ ነገር ግን ተመልሶ ያፈስሳል። ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ እንዲያሠሩልኝ ደብዳቤ ልጽፍላቸው አስቤአለሁ። ሳላስቀይማቸው ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦

በየዓመቱ ሬንጅ እየተቀባ በየዓመቱ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ውኃው የሚገባበት ቦታ ገና ያልተገኘለት ጣሪያ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎ «እባክዎ ይጠግኑልኝ» ብሎ ብቻ ካበቃ አከራይዎ የሚያውቁትን መፍትሔ ይደግማሉ፤ ባለሙያ ልከው እንደገና ሬንጅ ያስቀባሉ። ደብዳቤው ውኃው መቼና እንዴት እንደሚመጣ መናገር አለበት። ያንን የሚያውቀው ደግሞ ከኮርኒሱ በታች የሚያድረው ሰው እንጂ ቤቱን ያከራየው ሰው አይደለም።

እኛ የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ ከክረምቱ በፊት በልግ አለን። የበልግ ዝናብ ጣሪያውን አስቀድሞ ይፈትንልናል። ከደብዳቤው በፊት በልጉን በደንብ ተከታትለው፣ ዝናቡ መቼ እንደጀመረ፣ ጠብታው መቼ እንደጀመረ፣ ነፋስ ወይም በረዶ እንደነበረው፣ በየትኛው የኮርኒስ ማዕዘን እንደወረደ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ለግምት የሚበቃ ነገር ከዚያ ይገኛል።

ተራ ዝናብ እንደጀመረ ወዲያው የሚንጠባጠብና ዝናቡ ሲያባራ ቶሎ የሚቆም ፍሳሽ ብዙውን ጊዜ የላላ ሚስማር ወይም የተበሳ ቆርቆሮ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድና ፀሐይ ቆርቆሮው ቀን ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ በዚህ ምክንያት ሚስማሩ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ከሥሩ ያለችው ጎማም ትደርቃለች። ሬንጅ ለጊዜውም ቢሆን የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ነፋስ ሲኖር ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ጣሪያው አናት ወይም ቆርቆሮው ከቆርቆሮ ወደሚደራረብበት ይሄዳል፤ ነፋሱ ውኃውን ወደ ላይ እየገፋ ያስገባዋል። ዝናብ ሳይኖር፣ ውርጭ ባደረበት ጠዋት የሚንጠባጠብ ደግሞ ጨርሶ ፍሳሽ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ በቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሆድ ላይ ውኃ ይሆናል፣ ፀሐይ ሲወጣም ይወርዳል። ለእርሱ የሚያስፈልገው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ነው፤ ይህን ከዝናብ ፍሳሽ ጋር ቀላቅለው ከጻፉ ባለሙያው በከንቱ ይለፋል።

አራተኛው ዓይነት በእኔ ቤት የደረሰው ነው፤ የእርስዎም እርሱ ይመስለኛል። ተከራይቼ የነበረው ቤት አንደኛው ጎኑ ከአጎራባቹ ቤት ግድግዳ ጋር የተጠጋ ሲሆን፣ በመካከላቸው ከላሜራ የተሠራ አሸንዳ ነበር። መኝታ ክፍሉ የሚያፈስሰው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል ብቻ ነበር፤ ያውም ዝናቡ ከጀመረ ቆየት ብሎ። ምክንያቱ ሲታወቅ ቀላል ነው። በረዶው በአሸንዳው ውስጥ ይከመርና የውኃውን መውጫ ይዘጋል፤ ከኋላው የሚመጣው ውኃ ሞልቶ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ወደ ቤት ይገለበጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ካለበት ደግሞ ያለ በረዶም ይዘጋል። በዚህ ቤት ላይ የሚስማር ራስ ሁሉ በሬንጅ ቢደፈን ለውጥ አይመጣም። ባለሙያውን ያሳሳተው ሌላ ነገር፣ እድፉ የታየው ከአሸንዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ መሆኑ ነው። ውኃ ከገባ በኋላ በሞራሌው እንጨት ላይ ተንሸራቶ ሄዶ የኮርኒሱ መገጣጠሚያ ባለበት ይወርዳል። ስለዚህ ከእድፉ ትክክል በላይ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ ማየት አይበቃም።

ያን ጊዜ የጻፍኩት ደብዳቤ፣ ስሞቹ ቀርተው፣ ይኸው፦

ሚያዝያ 21 ቀን
ይድረስ ለአከራዬ ለአቶ …
ጉዳዩ፦ ተደጋጋሚ የኮርኒስ ፍሳሽ ክረምት ሳይገባ እንዲጠገን ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ከእርስዎ ተከራይቼ በምኖርበት ቤት የመኝታ ክፍሉ ኮርኒስ በአጎራባቹ ቤት ግድግዳ በኩል ያፈስሳል። ባለፉት ክረምቶች በነገርኩዎት ጊዜ ሁሉ ሳይዘገዩ ባለሙያ ልከው ሬንጅ አስቀብተዋል፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ሆኖም በዘንድሮው በልግ መጋቢት 17 እና ሚያዝያ 9 ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል እንደገና አፍስሷል። በሁለቱም ቀን ጠብታው የጀመረው ዝናቡ ከጀመረ ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ቀጥሏል። መጋቢት 28 ቀን በረዶ የሌለው ዝናብ ለረጅም ጊዜ ሲዘንብ ግን አላፈሰሰም። በዚህ ምክንያት ችግሩ ከሚስማሮቹ ይልቅ ከአሸንዳው የመጣ ሊሆን ይችላል ብዬ እገምታለሁ።

ኮርኒሱ በዚያ በኩል ጎብጧል፤ እድፉም ወደ አምፖሉ ገመድ እየተጠጋ ስለሆነ በዚያ ክፍል መብራት ማብራት አቁመናል።

ስለዚህ እስከ ግንቦት 5 ቀን ባለሙያ ይዘው መጥተው አብረን እንድናየውና ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ አሸንዳውን እንዲመረምር፣ ጥገናውም እስከ ግንቦት 25 ቀን እንዲጠናቀቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኮርኒሱ መለወጥ ያለበት ጣሪያው በውኃ ተፈትኖ ማፍሰሱ መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ቢሆን ወጪዎ በከንቱ አይቀርም። ባለሙያው በሚመጣበት ቀን ቤት እገኛለሁ፤ ዕቃዬንም አነሣለሁ። ፎቶግራፎች አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ተከራይዎ …

በዚህ ውስጥ የእርስዎን ሁኔታ እየተኩ ይጻፉ። አከራዩ እስካሁን ያደረጉትን አመስግኖ መጀመር ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ችግሩ ቀደም ብሎ እንደተነገራቸውና ሬንጁ እንዳልሠራ በዚያው ዓረፍተ ነገር ተመዘገበ። በጥሩ ዝናብ ያላፈሰሰበትን ቀን መጻፍም ካፈሰሰበት ቀን እኩል ይጠቅማል፤ ባለሙያውን ከሚስማር ወደ አሸንዳ የሚያዞረው እርሱ ነው። ግምትዎን ግን እንደ ግምት ይጻፉት። እርግጠኛ ሆነው ጽፈው ሌላ ምክንያት ቢገኝ የቀረው ቃልዎም ይቀልላል።

ቀን መቁረጥን ብዙ ሰው እንደ ድፍረት ያየዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። በልጉ ጋብ ካለ በኋላ ግንቦት ቆርቆሮው የሚደርቅበት፣ ሰው ጣሪያ ላይ በደኅና የሚወጣበት ወር ነው። ሰኔ ሚካኤል ካለፈ ሁሉም ቤቱ ማፍሰሱን ያስታውሳል፣ አናጺውም ቆርቆሮ ሠሪውም አይገኝም፤ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የሚለጠፍ ነገርም አይዝም። ይህን ለአከራይዎ በቃል ቢያስረዱአቸው የቀኑን ትርጉም ይረዱታል።

የእኔ አከራይ ባለሙያ ይዘው ሲመጡ አሸንዳው መካከሉ ላይ ረግቦ ውኃ ቋጥሮ ተገኘ፤ መውጫውም ጠባብ ነበር። ሰፋ ያለ ላሜራ ታጥፎ ወደ መውጫው ተዳፋት እንዲኖረው ተደረገ፤ አንደኛው ጠርዙ ከቆርቆሮው ሥር በደንብ ገባ፣ ሌላው በግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ተያዘ። ሬንጅ አልተነካም። ከዚያ በጎማ ውኃ እየለቀቅን ፈተንነው። ፈተናው ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት፤ መጀመሪያ አሸንዳው፣ ቀጥሎ የቆርቆሮው ጫፍ፣ በመጨረሻ አናቱ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉንም እያረጠበ ስለሚወርድ ከየት እንደገባ አይታወቅም። የቧንቧ ውኃ በማይመጣበት ቀን ከበርሜል በባልዲ እየቀዱ ማፍሰስም ይቻላል።

ስለ ክፍያው፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቤቱን በደኅና ሁኔታ የመጠበቅና በተከራዩ ላይ ያልተጣሉትን ጥገናዎች የማድረግ ግዴታን የሚጥለው በአከራዩ ላይ ነው። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ውልዎን ያንብቡ። «ጥቃቅን ጥገና በተከራይ ይሸፈናል» የሚል ካለ ቁልፍና መስታወት እንጂ ጣሪያ ጥቃቅን አይባልም፤ «ማናቸውም ጥገና» የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ስለሚከብድ በሽምግልና መነጋገሩ ይሻላል። ሕጉን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አይጥቀሱ፤ ክስ የተጀመረ ያስመስላል። ኪራይም አያቋርጡ፤ ያቋረጡ ቀን ጭቅጭቁ ከጣሪያው ወደ ኪራዩ ይዞራል። አከራዩ «አንተው አሠራውና ከኪራይ ይታሰብልሃል» ካሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የብሩ መጠንና የሚታሰብበት ወር በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ደብዳቤውን በልጅ እጅ አይላኩ። በተለይ አከራዩ እዚያው ግቢ የሚኖሩ ከሆነ አስቀድመው ቤታቸው ገብተው ሰላም ይበሉ፣ ጉዳዩን በቃል ያጫውቱአቸው፣ «እንዳልረሳውና ባለሙያውም እንዲያየው ጽፌዋለሁ» ብለው በሁለት እጅዎ ይስጡአቸው። ዓይናቸው ደክሞ ከሆነ ከልጆቻቸው አንዱ ባለበት ያንብቡላቸው። ሁለት ቅጂ ይዘው ሄደው በእርስዎ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ቀን ጽፈው እንዲፈርሙ ይጠይቁ። መፈረም ካልወደዱ አይጫኑአቸው፤ ሁለታችሁም የምታከብሩት ጎረቤት ባለበት መስጠት ይበቃል። አከራዩ ሌላ ከተማ ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያስቀምጡ።

የመጀመሪያው ቀን ሳይመጡ ካለፈ ረጅም ደብዳቤ ዳግመኛ አይጻፉ። የቀድሞውን ቀን ጠቅሰው፣ ከዚያ ወዲህ ያፈሰሰበት ቀን ካለ ጨምረው፣ አዲስ ቀን የያዘ ሦስት መስመር ይበቃል፤ ከእርሱ ጋር አንድ ሽማግሌ ይላኩ። ኮርኒሱ ውኃ ቋጥሮ ወደ ታች ከተወጠረ ግን መልስ አይጠብቁ። አልጋውን ከሥሩ ያውጡ፣ የክፍሉን መብራት ከቆጣሪው ያጥፉ፣ ፎቶግራፍ አንሥተው በዚያው ዕለት ይደውሉላቸው።